የጠፋውንና የሚያጠራጥረውን ፊደል በግልባጭ ላይ ስለ ማመልከት



የደብራችን ሽማግሌዎች ይህን የኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት አድርገው በአሮጌዎቹ የብራና መጻሕፍት ሕዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፉትን የስጦታ ማስታወሻዎች ወደ አዲስ መዝገብ ለማስገልበጥ ተነሥተዋል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ነገር ብቻ ይሆናል። ይኸውም ገልባጩ ማንበብ የተሳነውን ወይም የተጠራጠረበትን ፊደል በምን ምልክት ቢያሳይ ነው በኋላ የሚመጣው አንባቢ ግልባጩን ሊያምነው የሚችለው የሚል ነው።

ነገሩ ከምሳሌ ጋራ ቢነገር ይቀላልና፥ በአንድ ወንጌል መጨረሻ ቅጠል ላይ እንዲህ ያለ የግዕዝ መስመር ተጽፎ አገኘን እንበል። መስመሩን ለትምህርት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ጕዳቱ ግን በየዕቃ ቤቱ የሚታይ ጕዳት ነው። ቃሉ አንድ ወልደ እገሌ የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋራ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን ልብሶችና ሁለት ጽዋ እንደ ሰጠ ይናገራል። ዳሩ ግን በአራት ስፍራ ችግር አለበት። ፊተኛው፥ ከመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ፊደል በስተ ቀኝ ብል ብራናውን በስቶታል። ሁለተኛው፥ የሰውየው ስም መካከል በውኃ ታጥቦ «ኤል» የሚለው መጨረሻው ብቻ ቀርቷል። ሦስተኛው፥ የልብሱ ቍጥር ቀለሙ ተላልጦ ፮ ይሁን ፯ አይለይም። አራተኛው፥ ጸሐፊው ራሱ ቸኵሎ «ክርስቲያን» በማለት ፈንታ «ክስቲያን» ብሎ ጽፏል።

አንድ ጥሩ አንባቢ ይህን መስመር በአንድ ትንፋሽ ሊያነበው ይችላል። «ወሀበ ወልደ ሚካኤል ምስለ ብእሲቱ ፯ አልባሰ ወ፪ ጽዋዐ ለዛቲ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ጽፎ መዝገቡን ቢዘጋው ግልባጩ ንጹሕ ነው፤ ግዕዙም የቀና ነው። ነገር ግን በዚህ ንጹሕ መስመር ውስጥ ዓይን ያየው፥ ልብ የገመተው፥ እጅም ያረመው ነገር አንድ ላይ ተቀላቅሏል። ከአምሳ ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ከእነዚህ አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም።

ይህም ከሚያመጣው ጥፋት ቀላሉን ብቻ ልናገር። ጸሐፊው በብራናው ላይ የጻፈው ስድስት ልብስ ሆኖ ሳለ ገልባጩ ያለ ምልክት ሰባት ብሎ ቢያስተላልፈው፥ ዕቃ ቤቱ በመዝገቡ በተመረመረ ጊዜ አንድ ልብስ ጐድሎ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው የሞተው ገልባጭ አይደለም፤ ቁልፉን የያዘው ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። በአንዲት ቅንጣት ቀለም ምክንያት የታመነ ሰው ሌባ ይባላል ማለት ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የተነሣ አይደለም። በግብጽ ምድር ከአሸዋ ውስጥ የወጡትን የግሪክ ፓፒሩሶችና በድንጋይ የተቀረጹትን ጽሕፈቶች ያሳትሙ የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት አስቀድሞ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ምልክት ይሠሩ ነበርና፥ በአንዱ መጽሐፍ «ጠፋ» ማለት የነበረው ቅንፍ በሌላው መጽሐፍ ሌላ ትርጕም እየያዘ አንባቢውን ያሳስተው ነበር። ስለዚህ በ1931 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ተሰብስበው በምልክቶቹ ላይ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥርዐት የላይደን ሥርዐት ይባላል። እኛ ከእርሱ ሦስቱን ምልክቶች እንዳሉ ብንወስድ፥ አራተኛውን ደግሞ ለፊደላችን እንዲስማማ ብንለውጠው ለሥራችን ይበቃናል ብዬ አምናለሁ።

ፊተኛው ምልክት ማዕዘናዊ ቅንፍ [ ] ነው። ትርጕሙም «በዚህ ስፍራ ጽሕፈት ነበረ፤ ዛሬ ግን ብራናው ተበስቶ፥ ተቀዶ ወይም ታጥቦ የለም» ማለት ነው። በቅንፉ ውስጥ ለአንዱ ለጠፋ ፊደል አንድ ነጥብ ይደረጋል። ሁለት ፊደል የጠፋ ቢመስል [..] ይጻፋል፤ ስንት እንደ ጠፋ የማይታወቅ ከሆነ ግን ነጥብ መቍጠር ትቶ ሰረዝ [—] ማድረግ ይሻላል። ነጥቡ ቍጥር ነውና ያልተለካውን በነጥብ መጻፍ አይገባም።

ሁለተኛው የመጠራጠር ምልክት ነው። የላይደን ሥርዐት ለዚህ ከፊደሉ በታች አንዲት ነጥብ ያስቀምጣል። ለእኛ ግን ይህ አይበጅም እላለሁ። ምክንያቱም ጽሕፈታችን በቃል መለያያውም በዐረፍተ ነገር መዝጊያውም ነጥብ የሞላበት ስለ ሆነ፥ ከፊደል እግር በታች ያለችው አንዲት ነጥብ ጕድፍ ትመስላለች። ከዚህም በላይ ግልባጩ ዳግመኛ ሲገለበጥ ወይም ወደ ማተሚያ ሲገባ ነጥቢቱ ትወድቃለች፤ ስትወድቅም ማንም አያውቅባትም፤ ጥርጥር የነበረው ያለ ድምፅ እርግጥ ሆኖ ይቀራል። ምልክት ሲመረጥ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ቢጠፋ መጥፋቱ ይታወቃልን» የሚለው ነው። ቅንፍ ጥንድ ስለ ሆነ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይናገርበታል። ስለዚህ ለጥርጥር ከፊደሉ ቀጥሎ በመስመሩ ላይ የሚቆመውን የጥያቄ ምልክት ? እንውሰድ፤ ከነጥብ ይልቅ ጐልቶ ይታያልና። ይህ ምልክት ከአውሮፓ የመጣ ስለ ሆነ በአሮጌው ብራናችን ላይ የለም። ስለዚህ የጥንቱ ጸሐፊ ጻፈው ተብሎ አይጠረጠርም።

ሦስተኛው ሾጣጣ ቅንፍ < > ነው። ትርጕሙ «ጸሐፊው ዘንግቶ የተወው ነው፤ እኔ ጨመርሁት» ማለት ነው። እዚህ ላይ ብራናው ደኅና ነው፤ የጐደለው ከጸሐፊው እጅ ነው። ስለዚህ ከማዕዘናዊው ቅንፍ ጋራ እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ያሻል። አንዱ ስለ ብራናው ጕዳት ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ስለ ጸሐፊው ስሕተት ይመሰክራል።

አራተኛው ድርብ ማዕዘናዊ ቅንፍ [[ ]] ሲሆን ሆን ተብሎ ለተፋቀ ጽሕፈት ነው። በመጻሕፍቶቻችን ላይ የሰጪው ወይም የባለቤቱ ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ብዙ ነው። ውኃ ያጠበው ስምና ምላጭ የፋቀው ስም አንድ አይደሉም፤ ውኃ አሳብ የለውም፤ ምላጭ ግን አለው። የተፋቀ ብራና በጣት ሲዳሰስ ሻካራ ነው፤ በመብራት ፊት ቢያዩትም ከአካባቢው ስስ ሆኖ ይታያል። ውኃ የነካው ግን ዙሪያው ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርዝ ይይዛል፤ የጐረቤት መስመሮችንም አብሮ ያደበዝዛል። በምሳሌያችን ላይ ከስሙ በላይና በታች ያሉት መስመሮች አብረው ስለ ደበዘዙ አራተኛው ምልክት አያስፈልገንም።

አሁን መስመሩን ቃል በቃል እንየው።

የመጀመሪያው ቃል «ወሀበ» ነው ወይስ «ወሀቡ»? የፊደላችን ጠባይ ከግሪኩ የሚለየው በዚህ ነው። በእነርሱ ዘንድ ፊደል ይታያል ወይም አይታይም። በእኛ ዘንድ ግን የፊደሉ አካል በሙሉ ታይቶ ድምፁን የምትሰጠው ቅጥል ብቻ ልትጠፋ ትችላለች። የ«በ» ሁለት እግሮች እኩል ሆነው ንጹሕ ስለ ሚታዩ «ቢ» ወይም «ባ» ወይም «ቤ» አይደለም። የካዕቡ «ቡ» ቅጥል ግን ከቀኝ ወገብ የምትወጣ ናት፤ ብሉም የበላው በትክክል ያንን ስፍራ ነው። ስለዚህ «በ» ወይም «ቡ» ከመሆን አያልፍም። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። «ወሀበ» ቢሆን ሰጪው ሰውየው ነው፤ «ወሀቡ» ቢሆን ግን ሚስቱም ከርሱ ጋራ ሰጪ ሆና ተቈጥራለች። ስለዚህ «ወሀበ?» ብለን ጽፈን በግርጌው «የበ አካል ግልጽ ነው፤ በቀኙ ቀዳዳ ስላለ ቡ ሊሆን ይችላል» ብለን እናስታውቃለን።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በቀዳዳው ውስጥ የሚቀጥለው ቅጠል ጽሕፈት ብቅ ብሎ ይታያል፤ ያ ጥቁር ነገር ልክ የ«ቡ»ን ቅጥል መስሎ ዓይንን ያታልላል። ይልቁንም ከፎቶግራፍ ላይ ለሚገለብጥ ሰው ይህ አሳሳች ነው። ስለዚህ ከማንበብ በፊት፥ ፎቶግራፍም ከማንሣት በፊት፥ ከቅጠሉ ሥር ነጭ ወረቀት መዘርጋት ይገባል። ቀዳዳው ያን ጊዜ ነጭ ሆኖ ራሱን ይገልጣል።

ወደ ስሙ እንለፍ። «ወልደ» ግልጽ ነው፤ መጨረሻው «ኤል» ነው፤ መካከሉ ጠፍቷል። ሚካኤል፥ ገብርኤል፥ ሩፋኤል፥ ዑራኤል፥ አማኑኤል ሁሉ በ«ኤል» ያልቃሉ። እዚህ ላይ ስሙን መገመት ሳይሆን ስፍራውን መለካት ይቀድማል። ፊደሎቻችን ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ ጣት በማኖር ብቻ መቍጠር አይበቃም፤ «መ» እና «ጠ» ሰፊ ናቸው፤ «ነ» እና «ገ» ጠባብ ናቸው። ስለዚህ ስስ ወረቀት ወስዶ ከዚያው ገጽ፥ ከዚያው እጅ ጽሕፈት፥ «ገ» «ብ» «ር» የሚሉትን ፊደሎች ከየተገኙበት በእርሳስ ማንሣትና በባዶው ስፍራ ላይ ማኖር ነው። ብራናውን መጫን ግን አይገባም። እንዲህ ብናደርግ «ገብር» ከስፍራው ግማሽ ፊደል ያህል ተርፎ በ«ኤ» ላይ ይወጣል እንበል፤ «አማኑ»ም እንዲሁ አይገባም። «ሚካ»፥ «ሩፋ»ና «ዑራ» ግን ሦስቱም ይገባሉ። ስለዚህ ልኩ ሁለቱን ስሞች አስወጣ፤ ሦስቱን ግን አልለየም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ወልደ ሚካኤል ብዙ ሰው የሚጠራበት ስም ነውና እርሱን እንጻፍ» ይላል። ነገር ግን ስሙ በአገር መብዛቱ ስለ አገሩ ሰው ይመሰክራል እንጂ ስለዚህ ቅጠል አይመሰክርም። ሕጉ ይህ ነው፤ በቅንፍ ውስጥ ፊደል የሚገባው ሌላ የሚገጥም ከሌለ ብቻ ነው። ለምሳሌ «ቤተ ክርስ[ቲ]ያን» ብንል ማንም ሌላ ፊደል አይሞላበትም፤ ስለዚህ መሙላት ይገባል። በስሙ ላይ ግን ሦስት ስለ ቀሩ «ወልደ [..]ኤል» ብለን ባዶውን እንተወዋለን፤ በግርጌም የሚገጥሙትን ሦስቱን ስሞች እንጽፋለን።

ባዶውን መተው ምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ነገ በሌላ መጽሐፍ ላይ በዚያው ዘመን ለዚህችው ደብር ጽዋ የሰጠ ወልደ ሩፋኤል የሚባል ሰው ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ግልባጫችን [..]ኤል የሚል ከሆነ የኋላው አንባቢ ሁለቱን አስተያይቶ አንድ ሰው ሊሆኑ እንደሚችሉ ወዲያው ያያል። ያለ ምልክት «ሚካኤል» ብለን ከጻፍነው ግን ሁለት የተለያዩ ሰጪዎች ነበሩ ብሎ ያልፋል። አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል፤ እውነተኛው ስምም ደጅ ላይ ቆሞ አይገባም።

ሦስተኛው ቍጥሩ ነው። የግዕዝ ቍጥሮች ከግሪክ ፊደል የመጡ ሲሆኑ ፮ እና ፯ መልካቸው ስለ ሚቀራረብ ጥቂት ቀለም ሲላቀቅ አንዱ በሌላው ይለወጣል። ቍጥር ደግሞ ከሌላው ጽሕፈት ሁሉ የከፋ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ጐረቤቱ ቃል አያርመውም። «ክስቲያን» የሚለውን ያነበበ ሁሉ «ክርስቲያን» እንደ ሆነ ያውቃል፤ «ስድስት ልብስ»ና «ሰባት ልብስ» ግን ሁለቱም ያማሩ ንባቦች ናቸው። እዚህ ላይ የሚረዳው መብራትን ከጐን ማምጣት ነው። ብርዕ ሲጻፍበት ብራናውን ጫር አድርጎ ያልፋል፤ ቀለሙ ቢላቀቅም የብርዑ ፈለግ አንዳንድ ጊዜ ከጐን በሚመጣ ብርሃን ጥላ ሆኖ ይታያል። ፈለጉ ቢታይ መልካም፤ ባይታይ ግን ወደ ልባችን ያዘነበለውን «፯?» ብለን ጽፈን በግርጌው «፮ም ይሆናል» እንላለን። ዕቃ ቤት ጠባቂው የሚድነው በዚች ምልክት ነው።

አራተኛው ቀላል ነው፤ «ክ<ር>ስቲያን» ብለን እንጽፋለን። እንግዲህ መስመሩ በሙሉ እንዲህ ይሆናል፤

ወሀበ? ፡ ወልደ ፡ [..]ኤል ፡ ምስለ ፡ ብእሲቱ ፡ ፯? ፡ አልባሰ ፡ ወ፪ ፡ ጽዋዐ ፡ ለዛቲ ፡ ቤተ ፡ ክ<ር>ስቲያን ።

ይህ መስመር ከፊተኛው ይልቅ ለዓይን የማያምር ነው፤ ነገር ግን አንባቢው የቱን እንደሚያምንና የቱን እንደሚመረምር ከፊደል እስከ ፊደል ያሳየዋል። ያለ ምልክት የቆሙት «ምስለ ብእሲቱ»ና «ወ፪ ጽዋዐ» የሚታመኑት የሚያጠራጥሩት ከአጠገባቸው ተለይተው ስለ ታዩ ነው።

አሁን «መጠራጠር የሚገባው መቼ ነው» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ፈሪ ገልባጭ በየፊደሉ የጥያቄ ምልክት ያቆማል፤ ምልክት ሲበዛም አንባቢው መመልከቱን ይተዋል። ደፋር ገልባጭ ደግሞ ፈጽሞ አያቆምም። ለዚህ የሚሆን መፈተኛ አለ። በወረቀት ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ቀድዶ በፊደሉ ላይ ማኖር ነው። ጐረቤቶቹ ተሸፍነው ብቻውን ሲታይ ሌላ ፊደል ሊመስል የሚችል ከሆነ ምልክት ይገባዋል፤ ብቻውን ሆኖም የሚታወቅ ከሆነ አይገባውም። ቃሉን ዐውቀን ፊደሉን ለየነው ማለትና ፊደሉን አይተን ቃሉን ዐወቅነው ማለት ይለያያሉና። የግርጌ ማስታወሻ ግን የሚጻፈው ሌላው ንባብ ትርጕም ሊሰጥ በሚችልበት ስፍራ ብቻ ይሁን።

ይህንንም ማለቴ በጕባኤ ቤት ያደግን ሰዎች ከሌላው የባሰ ፈተና ስላለብን ነው። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው ግማሽ ቃል ሲያይ ቀሪውን ከአፉ ያወጣዋል እንጂ ከብራናው አያነበውም። ቅኔም ያስለመደን በሰሙ ሥር የተሰወረውን ወርቅ ፈልጎ ማውጣትን ነው። ገልባጭ ግን የታዘዘው ሰሙን እንዳለ ለማስረከብ ነው፤ ወርቁን የኋላው ይፈልገው። ስለዚህም «ሠረቀ»ንና «ሰረቀ»ን የመሳሰሉ በድምፅ አንድ የሆኑ ፊደሎች እንኳ ቢሆኑ፥ ጸሐፊው አዛብቷቸው ቢገኝ፥ በመስመሩ ውስጥ እንዳሉ ይቀመጡ፤ ፀሐይ ወጣች ለማለት እንጂ ተሰረቀ ለማለት እንዳልሆነ በግርጌ ይነገር።

ማመሳከሩም በአንድ ሰው አይሁን። ልማዳችን አንዱ ከብራናው እያነበበ ሌላው በግልባጩ ላይ እንዲከተል ነው፤ ይህ የተዘለለ ቃልን ለማግኘት መልካም ነው። ለጥርጥር ግን አይበቃም፤ የመጀመሪያው ሰው «ሰባት» ብሎ ድምፁን ካሰማ በኋላ የሁለተኛው ዓይን ሰባትን ያያልና። ስለዚህ በተጐዳው ስፍራ ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው ያዩትን በየወረቀታቸው ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ያስተያዩት። ተስማምተው ቢገኙ እንኳ የፊደሉ ጥርጥር ምልክት አይነሣ፤ ባይስማሙ ግን ሁለቱም ንባብ በግርጌ ይግባ።

በመጨረሻ የማሳስበው ስለ መዝገቡ ፊተኛ ገጽ ነው። እዚያ ላይ አራቱ ምልክቶች ከነትርጕማቸው ይጻፉ፤ የገልባጮቹ ስም፥ የተገለበጠበት ቀን፥ ከብራናው ወይም ከፎቶግራፉ መገልበጡም ይነገር። በእያንዳንዱ ማስታወሻ ራስ ላይ ደግሞ መጽሐፉ፥ ቅጠሉ፥ የቅጠሉ ፊት ወይም ጀርባ፥ መስመሩም ስንተኛ እንደ ሆነ ይቈጠር፤ ጥርጥሩን ያነበበ ሰው ወደ ብራናው ሄዶ ስፍራውን ካላገኘው ምልክቱ ብቻውን አይረዳውምና። በቀኝ በኩልም ሰፊ ሕዳግ ይቅር። ከእኛ የተሻለ ዓይን ወይም የተሻለ መብራት ያለው ሰው ሲመጣ ንባቡን ከስሙና ከዘመኑ ጋራ በዚያ ሕዳግ ላይ ይጨምር፤ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ምልክታችንን ግን አይፋቀው። እኛ ያየነው ምን ያህል እንደ ነበረ ከእርሱም በኋላ ለሚመጣው ሊታወቅ ይገባልና።